ለሁሉም መግዛት ወይስ ዕጣ ማውጣት? ሰፊ ቤተሰብ የገና ስጦታውን እንዴት ይለዋወጥ

በአሜሪካ ላለ የሐበሻ ቤተሰብ የገና ስጦታ የሚከብደው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ሁለት እህትማማቾች ልጆቻቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ ለሁሉም መግዛት ምንም አይመስልም። ከዚያ ወንድም ይመጣል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። የአክስት ልጅ ከሌላ ስቴት ተዛውሮ ይመጣል። እናት ከአገር ቤት ትመጣለች። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሳሎኑ ከሃያ በላይ ሰው ይይዛል፣ ከዛፉ ሥር የተቆለለው ካርቶንና ከረጢት መተላለፊያ ያሳጣል፣ ሁሉም እንደከበደው እያወቀ ማንም "በቃን" አይልም። ይሉኝታ ነው። ቀድሞ የተናገረ ሰው "እጁ አጠረው" ወይም "ሰሰተ" እንዳይባል ይፈራል።

ሌላው መንገድ ዕጣ ነው። ስም በወረቀት ተጽፎ ይጠቀለላል፣ እያንዳንዱ አንድ ስም ያነሳል፣ ለዚያ ሰው ብቻ ይገዛል። በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ብዙዎቻችን ለምደነዋል። ቤተሰብ ውስጥ ሲገባ ግን መሥሪያ ቤት የማያውቀው ጣጣ አለበት፦ ባልና ሚስት አሉ፣ ሕፃናት አሉ፣ በዕጣ ልትቆጠር የማትችል እናት አለች። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቤተሰብ ላይ አስልተን ብናያቸው ይሻላል።

ሂሳቡን በሰው ሳይሆን በቤት ይቁጠሩት

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተበታትኖ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እንውሰድ፤ ለምሳሌ ያህል ነው እንጂ እንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም ሞልቷል። አምስት ወንድምና እህት አሉ፣ አራቱ ያገቡ ናቸው። ያላገባችው እህት ከእናታቸው ጋር ትኖራለች። ሁለት የአክስት ልጆችም አሉ፤ አንዱ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፣ ሌላው ብቻውን ነው። ካገቡት አራቱ ትልቁ ሦስት ልጆች፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ሁለት ሁለት ልጆች አሏቸው፤ የመጨረሻው አዲስ ሙሽራ ነው። እናትየውን ጨምሮ 13 አዋቂ፣ 9 ልጅ፣ በድምሩ 22 ሰው በሰባት ቤት።

ለሁሉም ሲገዛ እያንዳንዱ ቤት ከራሱ ውጭ ላለው ሰው ሁሉ ይገዛል። የትልቁ ወንድም ቤት አምስት ሰው ስለሆነ ለ17 ሰው ይገዛል። ሙሽሮቹ ለ20፣ ከእናቷ ጋር የምትኖረው እህትም ለ20፣ ብቻውን የሚኖረው የአክስት ልጅ ለ21። ሰባቱ ቤቶች ሲደመሩ 132 ስጦታ ይሆናል። አንዱ በ20 ዶላር ቢገዛ ጠቅላላው 2,640 ዶላር ነው፣ ታክስ ሳይጨመር።

ከጠቅላላው ድምር ይልቅ መታየት ያለበት ክፍፍሉ ነው። ብቸኛው የአክስት ልጅ 420 ዶላር ያወጣል፤ የሚመለስለት ከስድስቱ ቤቶች አንዳንድ ስጦታ፣ ማለትም ስድስት ነው። ሁለት ደመወዝ ያለው የትልቁ ወንድም ቤት 340 ዶላር አውጥቶ ሠላሳ ስጦታ ይዞ ይመለሳል፣ አምስት ሰው እያንዳንዱ ስድስት ስጦታ ስለሚያገኝ። ለሁሉም መግዛት ሳይታወቅ ካላገባውና ካልወለደው ሰው ኪስ ወደ ባለብዙ ልጆቹ ቤት ገንዘብ የሚያሻግር ሥርዓት ነው። ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም፣ ግን እያንዳንዱ ገና ይደጋገማል። "የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ሥራ ያዘኝ ብሎ ቀረ" ሲባል፣ ከመጠየቁ በፊት ይህንን ሂሳብ ማየት አይከፋም።

በ20 ዶላር የሚገዛውም ነገር ይታወቃል። ሻማ፣ ካልሲ፣ የእጅ ቅባት፣ ጽሑፍ ያለበት ኩባያ። ለአንድ ሰው በልኩ የታሰበ ነገር 20 ዶላር ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ለ21 ሰው በአንድ ቅዳሜ ሲገዛ ግን ማሰቢያ ጊዜ የለም፣ አንዱን ዓይነት አሥር አድርጎ ማንሳት ነው።

ለሁሉም መግዛት የሚሻልበት ጊዜ

ቤቶቹ ሦስት ከሆኑ ዕጣ አያስፈልግም። ሦስት ቤት ማለት እያንዳንዱ ሰው ከውጭ ሁለት ስጦታ ያገኛል ማለት ነው፣ ይህ የሚያጨናንቅ አይደለም፤ ዕጣ ቢወጣም ያው ጥቂት ሰዎች ስለሚደራረሱ ምስጢሩ ወዲያው ይታወቃል። አራት ቤት ላይ እንደየኪሱ ነው። ከአምስት ጀምሮ ግን ለሁሉም መግዛትን የሚያቆየው ልማድ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው በዚያ ዓመት ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ሲኖር ነው። አዲስ የመጣች የወንድም ሚስት የማንንም ምርጫ ሳታውቅ ዕጣ አንስታ፣ የመደብሩን መንገድ እንኳ ሳትለምድ ግዢ ብትባል ጭንቅ ነው። ዕጣው ካልቀረ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ተቀባይ ብቻ ትሁን፣ ስሟን ያነሳው ይግዛላት፣ እሷ ልታነሳው የሚገባውን ስም ባሏ ደርቦ ይያዝ።

ዕጣ የሚበላሽበት ቦታ

ለሁሉም በሚገዛበት ቤት አንድ ሰው ሳይገዛ ቢቀር አይታወቅም፤ ስድስት የጠበቀው ልጅ አምስት ሲያገኝ አይቆጥርም። በዕጣ ግን አንድ ሰው ከዘነጋ በሃያ ሰው ፊት አንዱ ባዶ እጁን ይቀመጣል። የዕጣ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፣ ብዙ ቤተሰብም ሞክሮ የተወው በዚህ የተነሳ ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነገር ነው። አስተባባሪዋ ከበዓሉ አሥር ቀን በፊት ለእያንዳንዱ ለብቻው "ገዝተሃል?" ብላ ትጠይቅ፤ በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ስትጠይቅ ሁሉም "አዎ" ይላልና ለብቻ መሆን አለበት። ከዚያም በተወሰነው ዋጋ አንድ ለማንም የሚሆን መጠባበቂያ ስጦታ በቦርሳዋ ይኑር። መጠባበቂያው ሌላም ጊዜ ይጠቅማል፦ ሳይነገር እጮኛዋን ይዛ የምትመጣ እህት አትጠፋም።

ሁለተኛው ብልሽት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ዕጣ ተስማምተው ሳለ አንዷ "ትንሽ ነገር ናት" ብላ ለሁሉም ልጆች በከረጢት ይዛ ትመጣለች። ልቧ መልካም ነው። በሚቀጥለው ገና ግን ሌሎቹ ውለታ አለብን ብለው "ትንሽ ነገር" ይዘው ይመጣሉ፣ በሦስተኛው ዓመት ዕጣውም አለ ለሁሉም መግዛቱም አለ፤ ወጪው ከመጀመሪያውም ይበልጣል። መከልከል አይቻልም፣ የሐበሻን ሰው ስጦታ አትስጥ ማለት ከባድ ነው። የሚቻለው ቦታውን መለየት ነው፦ ከዕጣው ውጭ መስጠት የፈለገ በሌላ ቀን፣ በተቀባዩ ቤት ይስጥ፤ በበዓሉ ቀን በሰው ፊት አይሁን።

ሦስተኛው "ምን ትፈልጋለህ?" ተብሎ ሲጠየቅ "ምንም፣ ጤና ብቻ" የሚለው መልሳችን ነው። ለሁሉም ሲገዛ ይህ መልስ ችግር የለውም፣ ካልሲ ይበቃዋል። በ50 ዶላር ለአንድ ሰው ሲገዛ ግን ገዢው ይቸገራል። ስለዚህ ስም የሚጻፍበት ወረቀት ላይ ከስሙ በታች አራት ነገር ይጻፍ፦ የልብስ ቁጥር፣ የጫማ ቁጥር፣ ደስ የሚለው አንድ ነገር (ቡና፣ መጽሐፍ፣ እግር ኳስ፣ መዝሙር)፣ እና የበቃው አንድ ነገር። የመጨረሻዋ መስመር ከሁሉም ትጠቅማለች። "ሻማ በቃኝ" ብሎ መጻፍ "ይህንን ግዙልኝ" ከማለት ይቀላል።

እማዬና ልጆቹ

እናትን ዕጣ ውስጥ መክተት አይሆንም። ለእሷ ስድስት ቤት ማሰብ ሲገባው "ዘንድሮ ዕጣዋ ለእገሌ ደረሰ" ማለት በእኛ ዘንድ ያስነውራል፣ ራሷም በሆዷ ትይዘዋለች። ለእሷ ግን ለየብቻ መግዛትም ጥሩ አይደለም። ከስድስት ቤት ሦስት ሻርፕና ሦስት የሌሊት ልብስ የተሰጣት እናት አብዛኛውን በሻንጣ አድርጋ አገር ቤት የምትልከው ሰው ሲገኝ ትልካለች። አሥራ ሁለቱ አዋቂዎች 20፣ 20 ዶላር ቢያዋጡ 240 ዶላር ይሆናል። በዚህ ጥሩ የክረምት ካፖርት ከጫማ ጋር፣ ወይም የተጠለፈ የሐበሻ ቀሚስ ይገዛል፤ ወይም በፖስታ ተደርጎ ይሰጣታል፤ እሷ ለእህቷ መላክ ከፈለገች ትላክ። እሷ ለልጅ ልጆቿ የምትሰጠውን ግን ማንም ደንብ አያወጣበትም። ድፎ ዳቦውንም ፖስታውንም እንደልማዷ ታድላለች።

ልጆቹ ላይ ሰው ሁሉ ይከራከራል። "የልጆቹን አትንኩ፣ ለእነሱ ሁላችንም እንግዛ" የሚለው የተለመደ ማስታረቂያ ነው፤ ሲሰላ ግን 54 ስጦታ ይሆናል፣ ሙሽሮቹና ብቸኞቹ ዘጠኝ ዘጠኝ እየገዙ ነው ማለት ነው። ሸክሙ ያው እነሱ ላይ ቆየ። ልጆቹ እርስ በርስ ዕጣ ያውጡ ቢባልም ገዢው ወላጅ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ የማን ስም እንደያዘ መኪና ውስጥ ሳይወርድ ይናገራል።

የሚሻለው መዋጮ ነው። አሥራ ሁለቱ አዋቂዎች 30፣ 30 ዶላር ያዋጣሉ፣ 360 ዶላር ይሆናል፣ ለዘጠኙ ልጆች ሲካፈል ለአንዱ 40። አንድ ሰው ወላጆቹን ጠይቆ ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ይገዛል፣ ካርዱ ላይ "ከአጎቶችና ከአክስቶች" ተብሎ ይጻፋል። ሁሉም 40 ስለሆነ አንዱ ታብሌት ሌላው ስዕል መቀቢያ የሚያገኝበት መበላለጥ አይኖርም፤ ሀብታሙ አጎት ለገዛ ልጆቹ በቤቱ ምንም ቢገዛ የማንም ጉዳይ አይደለም። ልጅ መቼ ወደ አዋቂዎቹ ዕጣ እንደሚሻገር ከአሁኑ ይወሰን። 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ይሻገራል ቢባል ግልጽ ነው፤ ዕድሜ ከተባለ በልደት ቀን ክርክር ይነሳል።

አሁን ሂሳቡን እንመልከት። አንድ አዋቂ ለዕጣው 50፣ ለልጆቹ 30፣ ለእናት 20፣ በድምሩ 100 ዶላር ያወጣል። የቤተሰቡ ጠቅላላ ወጪ 1,200 ዶላር ሆነ፣ ከ2,640 ወረደ። ትልቁ ወንድም ከነሚስቱ ከ340 ወደ 200፣ ሙሽሮቹ ከ400 ወደ 200፣ ከእናቷ ጋር ያለችው እህት ከ400 ወደ 100፣ ብቸኛው የአክስት ልጅ ከ420 ወደ 100። ትርፉ አገር ቤት ለበዓል በሚላከው ላይ ቢጨመር ልዩነቱ እዚያ ይታያል።

አወጣጡ

12 ስም አንድ ሳህን ውስጥ ከትቶ ማዞር የሚሠራ ይመስላል። የራሱን ስም የሚያነሳ ሰው ሳይኖር የመጠናቀቅ ዕድሉ ግን 37 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ባልና ሚስትም እንዳይደራረሱ ከተፈለገ፣ አምስት ጥንድ ባለበት በዚህ ቤተሰብ፣ ከሰባት ሙከራ አንዱ ቢሳካ ነው። ሰው ደግሞ "የራሴ ወጣ" ብሎ አንድ ወረቀት ብቻ ሲለውጥ ሌላው የማን ስም እንዳለው መገመት ይጀምራል።

በሁለት ሳህን ማውጣት ይህንን ከሥሩ ያስቀራል። ሦስት ጥንዶች አንድ ወገን ይሁኑ፣ ስድስት ስም። የቀሩት ሁለት ጥንዶችና ሁለቱ ብቸኞች ሌላው ወገን፣ ስድስት ስም። የየወገኑ ስም በየራሱ ሳህን ይግባና እያንዳንዱ ወገን ከተቃራኒው ሳህን ያንሳ። ባልና ሚስት ምንጊዜም በአንድ ወገን ስለሆኑ ማንም የራሱን ወይም የትዳር ጓደኛውን ስም ሊያነሳ አይችልም፣ ዕጣውም መደገም የለበትም። ድክመቱ ማን እንደገዛልህ ከስድስት ሰው መካከል መሆኑን ማወቅህ ነው፤ በየዓመቱ ጥንዶቹን በሌላ መልክ መደልደል ይህንን ያለሰልሰዋል።

ሁለቱ ወገኖች እኩል መሆን አለባቸው። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ከዕጣው ውጭ ያለ ሰው፣ ለምሳሌ ቁም ነገረኛ የሆነች የ15 ዓመት የወንድም ልጅ፣ ስሞቹን አደባልቃ በክብ ትጻፋቸው፤ ባልና ሚስት ጎን ለጎን እንዳይሆኑ ብቻ ትጠንቀቅ። እያንዳንዱ ከእሱ ቀጥሎ ላለው ይገዛል፣ እሷም ለየአንዳንዱ በጆሮው ትነግረዋለች። አትላንታ ያለ ዘመድ ካለ እና በአካል መሰብሰብ ካልተቻለ Elfster ወይም DrawNames በተባሉት የዕጣ ማውጫ ድረ ገጾች ላይ ስም አስገብቶ "እነዚህ አይደራረሱ" ብሎ ማዘዝ ይቻላል። በስልክ ሊንክ መክፈት የሚቸግራቸው ታላላቆች ካሉ ግን ወረቀቱ ይሻላል፣ ጨዋታም አለው።

ዋጋና ቀን

"ከ50 ዶላር አይበልጥ" ብቻ ከተባለ አንዱ በ15 ይገዛል፣ አንዱ በ50፣ ሲከፈት ይታያል። "ከ40 እስከ 50" ይባል። መጠኑን ደግሞ ኪሱ ያጠበበው ሰው ሳይጨነቅ የሚችለው ላይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ እሱ አፍ አውጥቶ አይናገርምና የሚያውቀው ሰው ዝቅ ያድርገው። የፖስታ ቤት ወጪ ከዚህ ውጭ መሆኑ ይነገር፣ ዋጋ የማይታይበት የስጦታ ደረሰኝም ከዕቃው ጋር ይግባ፣ ቁጥር ሳይሆን ሲቀር ለመመለስ።

ዕጣውን ማውጣት የሚመቸው በኅዳር በታንክስጊቪንግ ሐሙስ ነው፣ ሰው ሁሉ እረፍት ላይ ስለሆነ። ከዚያ እስከ ገና ስድስት ሳምንት ያህል አለ። መለዋወጫውን ዲሴምበር 25 ማድረግ ልጆቹን ያስደስታል፤ ግን ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ ገና ድረስ ስለሚቆይ ታላላቆቹ ዶሮውን እያዩ ሽሮ ሊበሉ ነው። ጃንዋሪ 7 ወይም ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ቅዳሜ ቢሆን ማዕዱም የተሟላ ነው፣ ገበያውም ይረዳል፦ ከዲሴምበር 25 በኋላ የክረምት ልብስና በካርቶን የታሸጉ የስጦታ ዕቃዎች ዋጋ ይቀንሳል፣ በ50 ዶላር የ80ውን ማግኘት ይቻላል። በመጨረሻው ሳምንት መግዛት ግን ለዝንጋታ ያጋልጣልና የአሥር ቀኑ ጥያቄ እንዳይረሳ።

ማን ያንሳው

ሐሳቡን ማንሳት ያለበት ለሁሉም መግዛት የማይከብደው ሰው ነው። ብቸኛው የአክስት ልጅ ቢያነሳው "ቸገረው" ይባላል፤ ትልቁ ወንድም ቢያነሳው ግን ሁሉም በእፎይታ ይቀበላል። እማዬ ቀድማ በስልክ ትነገር፣ ከሌላ ሰው ስትሰማ "የእኔንም ቆረጡት" ብላ እንዳትቀየም። ከዚያ በግሩፑ ላይ እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦

"እንደምን ናችሁ። ከእማዬ ጋር ተነጋግረን ዘንድሮ የአዋቂዎቹን ስጦታ በዕጣ ብናደርገው አልን። አንዳችን ለአንድ ሰው ብቻ፣ ከ40 እስከ 50 ዶላር። ለልጆቹ 30፣ ለእማዬ 20 እናዋጣለን፤ ገንዘቡን ከዲሴምበር 10 በፊት ለእኔ ላኩ። ዕጣው በታንክስጊቪንግ ቤታችን ይወጣል፤ የማትመጡ ስማችሁንና የልብስ ቁጥራችሁን ጻፉልኝ፣ እኔ አነሳላችኋለሁ። ከዚህ ሌላ መስጠት የፈለገ በሌላ ቀን ቤት ድረስ ይዞ ይምጣ፣ ቡና አለ።"

ማን ለማን እንደደረሰ የተጻፈበት ወረቀት አይጣል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ሰው ለዚያው ሰው እንዳይደርስ ማመሳከሪያው እሱ ነው፤ ከተደገመ ያነሳው ሰው ከራሱ ወገን ካለ ሌላ ሰው ጋር ሌሎቹ ሳያዩ ወረቀቱን ይለዋወጥ።